ለእማዬ፦ ልጁ ምግብ ሲጀምር

ውድ እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ልጁ 6 ወር ሞላው። ከሰኞ ጀምሮ ቀን ቀን አንቺ ጋ ስለሚውል፣ በስልክ የጀመርነውን ወሬ በጽሑፍ ልጨርስልሽ። «ገና በ6 ወሩ እንቁላልና ኦቾሎኒ? ምን ነካሽ?» ብለሽኛል። በስልክ ተነግሮ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ደግሞ ወረቀት ላይ ሲሆን ማድ ቤት ለጥፈሽው እያየሽ ትሠሪያለሽ።

ቁጣሽ መሠረት አለው። ከዓመታት በፊት ሐኪሞችም የሚሉት ያንኑ ነበር። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2000፣ አለርጂ ለሚያሰጋቸው ልጆች እንቁላል እስከ 2 ዓመት፣ ኦቾሎኒ ደግሞ እስከ 3 ዓመት ይቆይ ብሎ መክሮ ነበር። ማዘግየቱ አለርጂን ለመከላከሉ ማስረጃ ስለጠፋ በ2008 ምክሩን ተወው። በ2015 ደግሞ ለንደን ውስጥ የተሠራ ጥናት ውጤት ወጣ። ከባድ ኤክዚማ፣ ማለትም ቆዳን የሚያደርቅና የሚያሳክክ ሕመም፣ ወይም የእንቁላል አለርጂ ያለባቸውን ከ600 በላይ ሕፃናት ለሁለት ከፈሏቸው። ግማሾቹ ዓመት ሳይሞላቸው ኦቾሎኒ ያለበት ምግብ ጀመሩ። ግማሾቹ እስከ 5 ዓመታቸው ድረስ እንዳይቀምሱ ተደረገ። 5 ዓመት ሲሞላቸው የኦቾሎኒ አለርጂ በብዛት የተገኘው በተከለከሉት ላይ ነው። ልዩነቱም ቀላል አልነበረም፣ በእጥፍ ድርብ ነው።

ሐኪሞች ምክንያቱን ሲያስረዱ እንዲህ ይላሉ። ምግቡ መጀመሪያ በአፍ በኩል ሆድ ሲገባ ሰውነት ይለምደዋል። ልጁ ሳይበላው ቆይቶ በተቆጣ ቆዳ በኩል ሲደርሰው ግን ሰውነቱ እንደ ጠላት ሊይዘው ይችላል። ኦቾሎኒ በነካ እጅ ፊቱን አትዳብሺው የምልሽም ለዚህ ነው። «እስቲ ቆዳው ላይ ቀብቼ ልሞክር» የሚሉ ሰዎች አሉ። እሱ ፈጽሞ አይደረግም።

ከአለርጂው በፊት ግን ስለ ውፍረቱ ላውራሽ። እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ሰው ሁሉ ሕፃን ሲባል ቀጭን፣ ውሃ ውሃ የሚል ነገር ነው የሚያስበው። የልጁ ሆድ ትንሽ ናት። ቀጭን ነገር ከሞላናት ውሃ ሞልተናት ማለት ነው። ጠገበ ብለን እንተወዋለን፣ ገላው ላይ ግን የሚገባ ነገር የለም። ስለዚህ ምግቡን በማንኪያ አንሽና ማንኪያውን ዘንበል አድርጊው። ወዲያው ከፈሰሰ ቀጥኗል። ማንኪያው ላይ ቆይቶ ቀስ ብሎ የሚወርድ ከሆነ ልክ ነው። እንደ ጓል ተጣብቆ አልወርድም ካለ ደግሞ ወፍሯልና የታለበ የጡት ወተት ጨምሪበት። ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጥልሻለሁ። በውሃ አታቅጥኚው፣ ወተቱ እያለ ለምን ውሃ?

አሁን የሚበላው ድንች፣ ካሮት፣ ምስርና ሥጋ ነው። በተለይ ምስሩንና ሥጋውን እንዳትዘልያቸው። ከሆዴ ይዞት የወጣው የብረት ክምችት በዚህ ዕድሜ እያለቀ ነው። የጡት ወተት ውስጥ ያለው ብረት ደግሞ ጥቂት ነው። ካሮቱን በአውራ ጣትሽና በሌባ ጣትሽ መካከል አድርገሽ ስትጫኚው ያለ ምንም ትግል መፈጨት አለበት። ትንሽ እንኳ እምቢ ካለሽ መልሰሽ ቀቅዪው። ሥጋው እስኪፈራርስ ከበሰለ በኋላ ከነመረቁ በብሌንደር ይፈጫል። ጨው የለም፣ ስኳር የለም። አንቺ ቀምሰሽ «ምኑም አይጥም» ብትዪ አይገርመኝም፣ እሱ ግን የሚያወዳድርበት ነገር የለውም። ማር ደግሞ ዓመት እስኪሞላው በምላሱ ጫፍ እንኳ አይንካ። ሕፃናትን ለከባድ መመረዝ የሚዳርግ ባክቴሪያ ሊኖርበት ይችላል፤ ማፍላትም አይገድለውም።

መጠኑ ለጊዜው በአንድ ገበታ 2 ወይም 3 የሾርባ ማንኪያ ነው፣ በቀን 2 ጊዜ። ፊቱን ካዞረ ወይም አፉን ከዘጋ በቃው ማለት ነው። «አንዲት ብቻ» እያልሽ አትለማመጪው። ዋና ምግቡ አሁንም ወተቱ ነው።

የላመ ነገር ብቻ እየበላ እንዲቆይ ግን አልፈልግም። ሁለት ሦስት ሳምንት ከለመደ በኋላ ብሌንደሩን ትተሽ በሹካ ጨፍልቂለት፣ ትንንሽ ለስላሳ ጓጎላ ይኑርበት። 9 ወር እስኪያልፋቸው ጓጎላ ሳይለምዱ የሚቆዩ ልጆች በኋላ ምግብ ላይ አስቸጋሪ ሊሆኑ ይችላሉ።

ጓጎላ ስልሽ እንደምትደነግጪ አውቃለሁ። እዚህ ላይ ሁለት ነገር መለየት አለብሽ። አንዳንዴ ፊቱ ይቀላል፣ ምላሱን ያወጣል፣ ሊያስመልሰው የፈለገ ይመስላል፣ ያስላል። ድምፅ እስካለው ድረስ ጉሮሮው ራሱን እየተከላከለ ነው። አጠገቡ ሁኚና ተይው፣ ጣትሽን አፉ ውስጥ አትክተቺ። መታነቅ ግን ዝም ያለ ነው። ማልቀስ አይችልም፣ ማሳል አይችልም፣ ከንፈሩ ይጠቁራል። ያኔ በፊቱ ክንድሽ ላይ አስተኚው፣ ጭንቅላቱ ከደረቱ ዝቅ ይበል። በመዳፍሽ ታችኛው ክፍል በሁለቱ ትከሻዎቹ መካከል 5 ጊዜ ጠንከር አድርገሽ ምቺው። ካልወጣ በጀርባው ገልብጠሽ የደረቱን መሃል 5 ጊዜ ተጫኚው። እስኪወጣ እያፈራረቅሽ ቀጥዪ፣ ሌላ ሰው አምቡላንስ ይጥራ። ቅዳሜ ስመጣ በአሻንጉሊት አሳይሻለሁ፣ በጽሑፍ ብቻ አይያዝም። ሁልጊዜም ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ይብላ። ተጋድሞ መብላት የለም።

ወደ ቁጣሽ ልመለስ። እንቁላሉን እኔው ጀምሬለታለሁ። አስኳሉም ነጩም ድርቅ እስኪል ተቀቀለ። ከዚያ በሹካ አድቅቄ በወተት አለሰለስኩትና ከለመደው ድንች ጋር ቀላቀልኩት። የመጀመሪያ ቀን የሻይ ማንኪያ ሩብ ያህል ብቻ ነው የሰጠሁት። በሚቀጥለው ጊዜ ጨመር አደረግኩ። ምንም አልሆነም። ብቻ አገጩ ላይ ቀላ ያለ ነገር አይቼ ነበር፣ ምራቁ ያረፈበት ቦታ ላይ። ፊቱን ስጠርገው ብዙም ሳይቆይ ጠፋ። ሌላ ቦታ አልወጣም፣ አላበጠም። እንዲህ ዓይነቱ ምግብና ምራቅ ቆዳውን ሲነካው የሚመጣ ነው፣ አያስደነግጥሽ።

አሁን ተራው የኦቾሎኒ ነው። ልጁ ኤክዚማ የለበትም፣ እንቁላሉም ተስማምቶታል፤ ስለዚህ ቤት ውስጥ መጀመር ይቻላል። ከባድ ኤክዚማ ወይም የታወቀ የምግብ አለርጂ ቢኖርበት ኖሮ መጀመሪያ ሐኪም ሳያየው አልነካውም ነበር። ፍሬውን ሳይፈጭ እንዳለ መስጠት የለም፣ 5 ዓመት እስኪሞላው። የኦቾሎኒ ቅቤውንም እንዳለ በማንኪያ አትስጪው፣ ጉሮሮው ላይ ተጣብቆ ሊያንቀው ይችላል። የምናደርገው እንዲህ ነው። ጨውና ስኳር የሌለበት ልሙጥ የኦቾሎኒ ቅቤ 2 የሻይ ማንኪያ፣ በ2 ወይም 3 የሻይ ማንኪያ ሙቅ ውሃ እናቀጥነዋለን። እዚህ ላይ ውሃ ይፈቀድልሻል። ጓጎላው እስኪጠፋ ይታሻል፣ ከዚያ ይቀዘቅዛል። ከማንኪያው ጫፍ ጥቂት እናቀምሰውና 10 ደቂቃ እንጠብቃለን። ምንም ካላየን የቀረውን በራሱ ፍጥነት ይበላል፣ ሁሉንም ባይጨርስም ግድ የለም። ከዚያ 2 ሰዓት ያህል ከዓይናችን አይጠፋም።

ጊዜው ጠዋት ነው፣ ከእንቅልፍ በፊት አይደለም። ተኝቶ ከሆነ ምን እንደሆነ አናይም። ጉንፋን ወይም ትኩሳት ካለበት ለሌላ ቀን ይተላለፋል። በዚያ ቀን ሌላ አዲስ ምግብ አይጨመርም፣ አንድ ነገር ቢከሰት የየቱ እንደሆነ ግራ እንዳይገባን።

የምናየው ምንድን ነው? ከነካው ቦታ ርቆ ሆዱ ወይም ጀርባው ላይ ወጣ ወጣ ያለ የሚያሳክክ ሽፍታ፣ የከንፈር ወይም የዓይን እብጠት፣ ከበላ በኋላ ደጋግሞ ማስመለስ። ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ነው የሚታየው፣ ቢዘገይ በ2 ሰዓት ውስጥ። ሽፍታ ብቻ ከሆነ ምግቡ ይቆማል፣ ሐኪም ይጠየቃል፣ እስከዚያ አይደገምም። መተንፈስ ካቃተው፣ ደረቱ ሲር ሲር ካለ፣ ድምፁ ከሻከረ ወይም ገላው ዝልፍልፍ ካለ ግን ለእኔ እንኳ ሳትደውዪ አምቡላንስ ጥሪ። «ትንሽ ልየው» አትበዪ።

ተስማማው ብለን ደግሞ መተው የለም። በለንደኑ ጥናት ልጆቹ በሳምንት 3 ጊዜ ገደማ ነበር የሚበሉት። አንዴ ቀምሶ ለወራት ቢጠፋበት ሰውነቱ የለመደውን ሊረሳ ይችላል። ስለዚህ አንቺ ጋ ሲውል እንቁላሉንም ኦቾሎኒውንም በየሳምንቱ፣ ቀን እያፈራረቅሽ ከምግቡ ጋር ቀላቅዪለት። እርጎም መጀመር ይችላል፣ ስኳር የሌለበት። የላም ወተት እንደ መጠጥ ግን ዓመት ይሙላው።

አንድ ትንሽ ነገር ረሳሁ። የሚበላውን ብቻ በሌላ ሳህን ቀንሺለት። ማንኪያው አፉ ገብቶ የተመለሰበት ትርፍ ምራቅ ገብቶበታል፣ ይደፋል። ያልተነካው ማቀዝቀዣ ውስጥ እስከ ማግስቱ ይቆያል።

ኦቾሎኒውን ቅዳሜ ጠዋት አንቺ ጋ መጥቼ አብረን እንጀምርለት። ቅቤውን ይዤ እመጣለሁ፣ አንቺ ድንቹን ብቻ ቀቅለሽ ጠብቂኝ። ለአባዬ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፣ ፍሬ ኦቾሎኒውንም ከጠረጴዛው ላይ ያንሳ በዪልኝ።

ልጅሽ