ዕቃውን ለጎረቤት ስጡልኝ ስንል

ክቡር አዘጋጅ፣

ዕቃ አድራሾች ቤት ድረስ መጥተው ሰው ሲያጡ ስለሚፈጠረው ንትርክ አንባቢዎቻችሁ የጻፏቸውን ደብዳቤዎች ተከታትያለሁ። አብዛኞቹ ጥፋቱን በአድራሹ ላይ ይጥላሉ። እኔም በቅርቡ ተመሳሳይ ነገር ሲገጥመኝ መጀመሪያ የተናደድኩት በአድራሹ ነበር። ቆይቼ የላክሁትን መልእክት ደግሜ ሳነበው ግን፣ ማንም ሰው በእሱ ተመርቶ ዕቃዬን ሊያደርስልኝ እንደማይችል ገባኝ።

ጥቅሉ ለጥገና ተልኮ የነበረው የአባቴ የመስሚያ መሣሪያ ነው። ሰኞ ከቀትር በኋላ አድራሹ ሲመጣ አባቴ ቤት ነበሩ፤ ነገር ግን መሣሪያው ከሌለ በር ሲንኳኳ አይሰሙም። ማታ ስገባ በበሩ ሥር «መጥተን አላገኘንዎትም» የምትል ወረቀት ተሸጉጣ አገኘሁ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ለድርጅቱ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ዛሬ ስትመጡ አልነበርኩም። እባካችሁ ነገ አምጡልኝ፤ ካልሆነ ለጎረቤት ስጡልኝ።»

ትሁት መልእክት ነው፤ የሚሠራ መልእክት ግን አይደለም። በመጀመሪያ «ነገ» የሚለውን ቃል እንየው። እኔ ስጽፍ ነገ ማለት ማክሰኞ ነበር። መልእክቱን ያነበበው ሠራተኛ ግን ያነበበው ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ ለእሱ ነገ ረቡዕ ሆነ። ማክሰኞማ ቢረዳኝም አይችልም ነበር። አድራሾች የቀኑን ጉዞ የሚያወጡት ቀደም ብለው ነው፤ ጠዋት መኪናው ተጭኖ ከወጣ በኋላ መጋዘን የቀረ ጥቅል የዚያን ቀን አይንቀሳቀስም። ስለዚህ እኔ ማክሰኞ ከሥራ ቀርቼ ቀኑን ሙሉ በር በር ሳይ ዋልኩ፣ አድራሹ ደግሞ እኔ ሥራ በገባሁበት ረቡዕ መጣ።

«ጎረቤት» የሚለው ቃል ደግሞ ከዚህ ይብሳል። እኔ በልቤ ያሰብኳቸው ምድር ቤት የሚኖሩትን፣ ቀኑን ሙሉ ከቤት የማይወጡትን ሴት ነው። አድራሹ ግን በስተቀኝ ያለውን የቅርቡን በር አንኳኳ። የወጣው ወጣት ከገባ ወር ያልሞላው ተከራይ ነበር፤ ስሜን ሲጠየቅ «አላውቀውም» አለ። እውነቱን ነው፣ አያውቀኝም። አድራሹም ጥቅሉን ለማያውቀኝ ሰው ባለመስጠቱ ትክክል ነበር። ሁለተኛው ሙከራም ሳይሳካ ተመዘገበ። ብዙ ድርጅቶች ከተወሰኑ ሙከራዎች በኋላ ጥቅሉን ወደ ላኪው ስለሚመልሱት፣ ያኔ ነው የደነገጥኩት።

የመልእክቴ ትልቁ ስህተት ግን «ካልሆነ» የምትለዋ ቃል ነበረች። ቀን መለወጥና ለጎረቤት መስጠት ሁለት የተለያዩ ትእዛዞች ናቸው። አድራሹ መጀመሪያ እኔን ፈልጎ ሲያጣኝ ነው ወደ ጎረቤት የሚሄደው? ወይስ ከጅምሩ በቀጥታ ወደ ጎረቤት ነው? ወይስ ቀኑ ካልተመቻቸው ነው? ደጅ ላይ የቆመ ሰው፣ ገና ብዙ ቤት የሚጠብቀው ሰው፣ ይህን በእጁ በያዛት ትንሽ መሣሪያ ስክሪን ላይ አንብቦ ሊፈታ አይችልም። መወሰን ያለብኝ እኔ ነበርኩ።

ረቡዕ ማታ እንደገና ከመጻፌ በፊት መጀመሪያውኑ ማድረግ የነበረብኝን አደረግሁ፤ ወርጄ ጎረቤቴን ጠየቅኋቸው። «ፈርሚ ቢሉኝስ? ገንዘብ ቢጠይቁኝስ?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። በራሳቸው ስም እንደሚፈርሙ፣ የሚከፈል ነገር እንደሌለ፣ ካርቶኑ የተቀደደ ወይም የተጨፈለቀ ከሆነ ከመፈረማቸው በፊት ለአድራሹ እንዲያሳዩት ነገርኳቸው። ስልካቸውን ለድርጅቱ ለመስጠትም ፈቃዳቸውን ጠየቅሁ። ከዚያ ይህን ላክሁ፤ ስማቸውን በእገሊት ተክቼዋለሁ፦

«የመከታተያ ቁጥሩን ከላይ ጽፌአለሁ። ሰኞ በ11 እና ረቡዕ በ13 መጥታችሁ አላገኛችሁኝም። እባካችሁ ጥቅሉን ወደ ላኪው አትመልሱት። አርብ በ15 ከቀትር በኋላ አምጡልኝ። በቀጥታ ለጎረቤቴ ለወይዘሮ እገሊት ስጡ፤ የእኔን በር ማንኳኳት አያስፈልግም፣ ቤት ያሉት አባቴ አይሰሙም። የወይዘሮ እገሊት ቤት ምድር ቤት፣ ከደረጃው በስተግራ ያለው አረንጓዴ በር ነው። ሊቀበሉልኝ ተስማምተዋል፤ በስማቸው ይፈርማሉ። የእርሳቸውም የእኔም ስልክ ከታች አለ። እርሳቸው ከሌሉ ለሌላ ሰው አትስጡ፣ ደጅም አታስቀምጡ፤ መጋዘናችሁ አቆዩልኝ፣ ቅዳሜ በ16 መታወቂያዬን ይዤ እመጣለሁ። ቀኑንና የተቀባይዋን ስም ጠቅሳችሁ መልሱልኝ።»

ሐሙስን የዘለልኩት አውቄ ነው፤ ማታ የተጻፈ መልእክት ለማግስቱ ጉዞ ላይደርስ ይችላል። ሰዓት በቁጥር ያልጻፍኩበትም ምክንያት አለ። እኛ 8 ሰዓት ስንል ከቀትር በኋላ ማለታችን ቢሆንም፣ የድርጅቱ መዝገብ ከእኩለ ሌሊት የሚቆጥር ከሆነ 8 ሰዓት ጠዋት ይሆናል። «ከቀትር በኋላ» የሚለው ግን ለማንም ያው ነው። የመከታተያ ቁጥሩን ያስቀደምኩት ደግሞ፣ መልእክቱን የሚያነበው ሠራተኛ ትእዛዙን በጥቅሉ መዝገብ ላይ ካላሰፈረው አርብ ለሚመጣው ሾፌር ስለማይደርሰው ነው። ሰኞ የመጣውን አድራሽ በስልክ ለምኜው ቢሆን ኖሮ፣ አርብ ሌላ ሰው ቢመደብ ልመናዬ ከንቱ ይቀር ነበር።

ይህ መልእክት ሁልጊዜ ይሠራል ማለቴ አይደለም። ላኪው «ከባለቤቱ በቀር ለማንም አይሰጥ» ብሎ የላከውን ጥቅል፣ ወይም መታወቂያ ታይቶ ብቻ የሚሰጠውን፣ አድራሹ ለጎረቤት ሊሰጥ አይችልም። ያኔ የሚለመነው ላኪው ነው፣ ካልሆነም መጋዘን ሄዶ መውሰድ ነው። ደግሞም ጎረቤት ከፈረመ በኋላ መዝገቡ «ደርሷል» ይላል፤ ዕቃው ከዚያ ወዲያ ቢጠፋ ከድርጅቱ ጋር መከራከር ከባድ ነው። ስለዚህ እኔ ቤቴን ክፍት ትቼ አደራ ልለው ለማልችል ሰው ጥቅል እንዲሰጥልኝ አልጠይቅም።

ሐሙስ ጠዋት አጭር መልስ መጣ፦ «አርብ በ15፣ ለወይዘሮ እገሊት።» አርብ ማታ ስገባ ጥቅሉ እጃቸው ላይ ነበር። አባቴ መሣሪያውን ጆሯቸው ውስጥ ካስገቡ በኋላ በሩን ራሴ እንዳንኳኳው ጠየቁኝ።

አድራሽ ድርጅቶችን የምለምነው አንድ ነገር ነው። በር ሥር የምትጥሉት ወረቀት ላይ ለሁለት ነገር የሚሆን ባዶ ቦታ ጨምሩበት፤ አንዱ ደንበኛው ለሌላ ቀን ማሳወቅ የሚችልበትን የመጨረሻ ሰዓት፣ ሌላው ጥቅሉ ለጎረቤት ከተሰጠ የትኛው በር እንደሆነ የሚጻፍበት። አድራሹ ብዕሩን አውጥቶ በሩን ቢጽፍበት፣ ማታ የሚገባው ሰው የሰፈሩን በር ሁሉ እያንኳኳ አያመሽም።

አክባሪያችሁ፣
አንድ አንባቢ