ኢራንቡቲን ብትረሱም ጥር 11ን አትርሱ

ውድ አዘጋጅ፣

የመጪዎቹን ዓመታት በዓላት የዘረዘራችሁበትን ሰንጠረዥ አየሁት። የምንጃር ሰው ነኝ፤ አረርቲ ላይ ትንሽ ፔንሲዮን አለኝ። ለጥምቀት የት እንደሚኬድ ስትጠቁሙ ጎንደር አለ፣ ባቱ አለ፣ ጃን ሜዳ አለ። ኢራንቡቲ የለም። 44 ታቦት የሚሰበሰብበት ሜዳ ዓይናችሁን አልሞላውም ማለት ነው። ይሁን፣ ለምደነዋል። የ2020ው ቀን ግን አላስችል አለኝ።

የ2020 ጥምቀት ጃንዋሪ 19 ነው ብላችኋል። አይደለም፤ ጃንዋሪ 20 ነው። 2019 ዘመነ ሉቃስ ስለሆነ ጳጉሜን 6 ትሆናለች። ስለዚህ እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 12 ይውላል፣ ጥር 11ም በአንድ ቀን ይገፋል።

ያሳሳታችሁ ገና ይመስለኛል። 2020 ዘመነ ዮሐንስ ነው፤ በዘመነ ዮሐንስ ገና የሚከበረው ታኅሣሥ 28 ስለሆነ ጃንዋሪ 7 ላይ እንዳለ ይቆያል። ጥምቀት ግን ከጥር 11 ንቅንቅ አይልም። ገናው ልክ ሲሆን ሰንጠረዡ በሙሉ ልክ ይመስላል። በሌላው ዓመት ከገና እስከ ጥምቀት 12 ቀን ነው፤ በዘመነ ዮሐንስ 13 ይሆናል። ይህን መቁጠር ጣት ብቻ ይበቃዋል።

«ከሦስት ድረ ገጽ አመሳክረናል» የሚለውን ሳነብ ሳቄ መጣ። ሦስቱ ከአንድ ቦታ ከቀዱ አንድ ናቸው። ድረ ገጽ የሚፈተነው ባለፈ ዓመት ነው። 2016ም ዘመነ ዮሐንስ ነበር፤ ጥምቀቱም ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 20 ቀን 2024 ነበር፤ የዚያን ሰሞን ዜና ማየት ነው። እዚያ ላይ 19 የሚል ድረ ገጽ ለ2020ም አይታመንም። የሳምንቱን ቀንም እዩ። ጥር 11 ቀን 2020 ሐሙስ ነው፤ የእናንተ ጃንዋሪ 19 ግን ረቡዕ ላይ ይወድቃል። ከሁሉ በፊት ደግሞ ባለቤቱ አለ። ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ መስከረም 1 ባሕረ ሐሳቡን ታውጃለች፤ አጽዋማቱና በዓላቱ የሚታወቁት ከዚያ ነው።

ስለ ኢድማ ምን ልበል? ለሦስት ዓመት ቁርጥ ያለ ቀን ሰጥታችኋል። የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት እንኳ የሚያሳውቀው ረመዳን 29 ማታ የጨረቃዋን ነገር አጣርቶ ነው። እናንተ ከአሁኑ አይታችኋታል መሰለኝ። «ጨረቃ ከታየች» የምትል ሐረግ ቦታ አታጣብብም ነበር።

ነገሩ ለእኔ ቀልድ አይደለም። በ2016 እንዲህ ያለ ሰንጠረዥ ያመኑ እንግዶች መጡብኝ። ከተራውን ጥምቀት ነው ብለው አዩ። የመመለሻ መኪናቸውን ለማግስቱ ጠዋት ይዘው ስለነበር፣ ሕዝቡ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ሲተም እነሱ ሻንጣ ጫኑ። ወቀሳው ለማን ደረሰ? ለፔንሲዮኑ ባለቤት።

ሰው ለ2020 ትኬት መቁረጥ ሳይጀምር ቀኑን አርሙልን። ከጎኑም «ምንጃር ሸንኮራ፣ ኢራንቡቲ» ብላችሁ ጨምሩ።

ከአረርቲ፣ ሰሜን ሸዋ