የሒሳብ ክበብ ዘገባ፦ ሰባት እንጨቶችና አንድ መስመር

በዚህ ዓመት ክበባችን ከሁሉም በላይ የደከመበት ጥያቄ፣ በግራፍ ላይ የተበተኑ ነጥቦችን የሚወክል ቀጥ ያለ መስመር ስናሰምር መስመሩን ምን ያህል ልናምነው እንችላለን የሚል ነበር። በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ሥሌቱን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ተለማመድን። ጥያቄው በእርግጥ የገባን ግን በመጋቢት ወር አንድ ጠዋት በሜዳው ላይ ባደረግነው ልኬት ስለሆነ፣ ይህን ዘገባ ለእርሱ ሰጥቼዋለሁ።

አባላቱ ከ40 እስከ 160 ሴንቲ ሜትር የሚረዝሙ፣ በ20 ሴንቲ ሜትር የሚበላለጡ ሰባት እንጨቶችን በደልዳላ መሬት ላይ በቱምቢ እያስተካከሉ ተከሉና ጥላቸውን ለኩ። የእንጨቱን ቁመት በአግድሙ፣ የጥላውን ርዝመት በቋሚው መስመር ላይ አድርገው ነጥቦቹን ሲያስቀምጡ ከአጭሩ እስከ ረጅሙ 51፣ 74፣ 101፣ 124፣ 151፣ 174 እና 160 ሴንቲ ሜትር ሆኑ። የረጅሙ እንጨት ጥላ ከእርሱ ከሚያንሰው እንጨት ጥላ አጥሮ ተገኘ ማለት ነው።

ተማሪዎቹ ግን ይህን ከማስተዋላቸው በፊት ሥሌቱን ጨርሰው ነበር። ተዛምዶው 0.97 ወጣ። ተዛምዶ ከ-1 እስከ 1 የሚደርስ ቁጥር ሲሆን፣ ነጥቦቹ በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ዙሪያ ምን ያህል እንደተጠጋጉ ይነግረናል፤ 0.97 ደግሞ ለ1 እጅግ የቀረበ ስለሆነ ደስ አላቸው። ስሎፑ 1.03 ነበር፤ ይህም ቁመት በአንድ ሴንቲ ሜትር ሲጨምር ጥላው በ1.03 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል ማለት ነው። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ መስመሩን ወደ ግራ አስረዝማ ቁመት ዜሮ በሚሆንበት ቦታ ላይ ስታነበው ግን 16 ሴንቲ ሜትር አገኘች። «መምህር፣ የሌለ እንጨት እንዴት ጥላ ይኖረዋል?» ብላ ጠየቀችኝ። በዓመቱ ከቀረቡልኝ ጥያቄዎች ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ።

ሰባተኛውን ነጥብ ወዲያውኑ መሰረዝ የፈለጉ ነበሩ፤ እኔ ግን ምክንያቱ ሳይታወቅ ምንም ነጥብ እንዳይሰረዝ ከለከልሁ። መዝገቡን ስናይ ስድስቱ እንጨቶች የተለኩት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ10 ገደማ ሲሆን፣ ረጅሙ እንጨት ወድቆ እንደገና በመተከሉ የተለካው 3 ሰዓት ከ35 ላይ ነበር። በዚያ መካከል ፀሐይ ከፍ በማለቷ ጥላው አጥሯል። ስለዚህ ነጥቡ ሐሰተኛ ልኬት አልነበረም፤ የሌላ ሰዓት ልኬት ነበር። ስድስቱን ብቻ ይዘን ስናሰላ ስሎፑ 1.24፣ በዜሮ ቁመት ላይ ያለው ጥላም ከአንድ ሴንቲ ሜትር በታች ሆነ።

አንድ ነጥብ ይህን ያህል ሊጎትት የቻለው በሁለት ምክንያት ነው። መስመሩ የሚመረጠው ከየነጥቡ ያለው የቋሚ ርቀት በራሱ እየተባዛ ሲደመር ድምሩ ከሁሉ ትንሽ እንዲሆን ስለሆነ፣ በእጥፍ የራቀ ነጥብ አራት እጥፍ ይከብዳል። ሌላው ነጥቡ ያለበት ቦታ ነው፤ መስመሩ በነጥቦቹ አማካይ ላይ እንደተደገፈ የሚዛን ዘንግ ስለሆነ፣ ጫፉ ላይ የተቀመጠ ሸክም ያዘነብለዋል።

ይህን ለመፈተን ስሕተቱን ሆን ብለን ወደ መሐል አዛወርነው። ለረጅሙ እንጨት የስድስቱ ነጥቦች መስመር የሚተነብየውን 199 ሰጥተን፣ ያንኑ የ39 ሴንቲ ሜትር ጉድለት ከ100 ሴንቲ ሜትሩ እንጨት ጥላ ላይ ቀነስን። ስሎፑ 1.24 እንደሆነ ቀረ፤ መስመሩ ብቻ ወደ 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ዝቅ አለ። ተዛምዶው ግን 0.96 ሆነ፤ ማለትም ስሎፑን ካበላሸው ከጫፉ ስሕተት ጊዜ እንኳ በጥቂቱ ያነሰ ነው! ተማሪዎቼ ይህን ሁለት ጊዜ አሰሉት፤ እኔም ለብቻዬ አረጋገጥሁት። የተዛምዶ ቁጥር ብቻውን የትኛው መስመር እንደተጣመመ አይነግርም። የሚነግረው እያንዳንዱ ነጥብ ከመስመሩ ምን ያህል እንደራቀ በተራ መጻፍ ነው፤ በመጀመሪያው መስመራችን ላይ ሁለቱ አጫጭር እንጨቶች ከመስመሩ በታች፣ ቀጥለው ያሉት አራቱ በላይ፣ የመጨረሻው ብቻ 21 ሴንቲ ሜትር በታች ነበሩ። የልኬት ጥቃቅን ስሕተት እንዲህ ተሰልፎ አይመጣም።

በማግስቱ፣ ስድስቱ እንጨቶች በተለኩበት በዚያው ሰዓት፣ በአንድ ፊሽካ ሁሉም የጥላውን ጫፍ በአንድ ጊዜ በጠመኔ ምልክት አድርገው፣ ርዝመቱን ከዚያ በኋላ ተረጋግተው ለኩ። የረጅሙ እንጨት ነጥብ ከሌሎቹ ጋር ተሰለፈ። በዚያው ፊሽካ ምልክት የተደረገበት የባንዲራው ምሰሶ ጥላ 9 ሜትር ነበር፤ በስድስቱ ነጥቦች መስመር ስናሰላው ምሰሶው 7 ሜትር ከ25 ሴንቲ ሜትር፣ በተጣመመው መስመር ግን 8 ሜትር ከ58 ሆነ። ከለካነው ቁመት ይህን ያህል ርቆ መተንበይ አደገኛ መሆኑን ስለማውቅ በገመዱ እንዲለኩት አደረግሁ፤ 7 ሜትር ከ20 ሆኖ ተገኘ።