ለመሐል ሜዳው ወዳጄ፦ እስከ ረቡዕ ጠይቃቸው

ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር

ወንድም ዓለም፣

እንደምን ከርመሃል? ይህን ያህል ዘመን ጠፍተህ ስታበቃ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም የአንድ ፋብሪካ ደብዳቤ ፎቶ አንሥተህ ላክህልኝ፤ ከሥሩም «ምን ልበላቸው?» ብለህ ጻፍክ። አልተቀየምኩም። እኔም ብሆን ደውዬ አላስቸገርኩህም። ደግሞ ወዳጅ ሁሉ ለሠርግና ለለቅሶ በሚፈላለግበት ዘመን ለቅጥር መፈለግ ወግ ነው።

እዚህ ውርጩ ጀምሯል። ስለ እሱ መሐል ሜዳ ላለ ሰው ማውራት ስለማያስፈልግ ወደ ጉዳይህ ልግባ።

ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። እዚህ ደብረ ብርሃን የሒሳብ ባለሙያ ሆነህ እንድትቀጠር ጠርተውሃል፤ መልስህን እስከ አርብ 11 ሰዓት፣ ሥራ መጀመሪያህን ደግሞ ታኅሣሥ 1 ብለዋል። አንተ በአርብ መወሰን አልቻልክም፤ ገባኝ። ከባንክህ የወሰድከው የሠራተኛ ብድር አለ፤ የባለቤትህ ዝውውር ገና አልታወቀም። ይህን ሳያጣሩ እሺ ማለት አይቻልም፤ እንቢ ማለትም ያስቆጫል። ቀን መጠየቅ ነውር አይደለም። የሚበላሸው አጠያየቁ ላይ ነው።

በመጀመሪያ እኛ የሰው ሀብት ክፍል ሰዎች ቀን ሲጠየቅ የምንፈራውን ልንገርህ። ፈተናውን ካለፉት መካከል ከአንተ ቀጥሎ ተጠባባቂ አለ። አንተ ዝም ባልክ ቁጥር ያ ሰው ሌላ ሥራ ያገኛል፤ ከዚያ አንተም እንቢ ካልክ ማስታወቂያ እንደ አዲስ ሊወጣ ነው፤ የክፍሉ ኃላፊም በየቀኑ እየመጣ «ሰው የታለ?» ይለናል። ስለዚህ «ጥቂት ቀን ስጡኝ» የሚል መልእክት ሲደርሰን ደስ አይለንም። ጥቂት ማለት ስንት ነው? «እስከ ሚቀጥለው ረቡዕ ቀን 6 ሰዓት» የሚል ሲመጣ ግን ለኃላፊው የምናሳየው፣ ተጠባባቂውንም ይዘን የምናቆይበት ነገር አገኘን ማለት ነው። እኔ ራሴ ቁርጥ ያለ ቀን ለጠየቀ ሰው ስፈቅድ ብዙ አልከበደኝም።

ሁለተኛው ነገር ሰዓቱ ነው። አርብ 10 ሰዓት ላይ የሚጠይቅ ሰው አስቦበት ሳይሆን ቀኑ ሲያልቅበት የደነገጠ ይመስላል። ዛሬ ማክሰኞ ነው፤ ነገ ጠዋት ላክ። መጀመሪያ በስልክ ብትነግራቸው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በስልክ የተባለ ሁሉ በጽሑፍ ይከተል። ስልክ ያነሣው ሰው «ችግር የለም» ብሎህ አርብ ዕለት ፈቃድ ላይ ቢሆን ምስክርህ ማን ነው?

ሦስተኛው ብዙዎች የሚሰናከሉበት ነው። አንድ ጎረምሳ «ጥሪውን ተቀብያለሁ፤ ደመወዙ ግን ከፍ ይበልልኝ» ብሎ ጽፎልን ነበር። ተቀበለ ብሎ ያስባል፤ አልተቀበለም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከቀረበው ጥሪ ጋር የማይስማማ መልስ ጥሪውን እንደ መተውና አዲስ ሐሳብ እንደ ማቅረብ ይቆጠራል። እኛም በዚህ ሰበብ ወደ ተጠባባቂው አለፍን። አንተ የምትጽፈው ግን ጥያቄ ይሁን፤ ጊዜው ይራዘምልኝ፣ ይህ ነገር እንዴት ነው ብሎ መጠየቅ ጥሪውን አያፈርስም። የደመወዝ ክርክር ካለህ ለብቻው፣ በሌላ ቀን ይሁን።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር ልጨምር። እነሱ እስከ አርብ ብለው ቀን ስለ ቆረጡ እስከዚያ ድረስ በቃላቸው ይታሰራሉ። አንተ ለጠየቅኸው ረቡዕ ግን ካልፈቀዱ አይታሰሩም። መልስ ሳይሰጡህ አርብ ከመጣ ዝምታቸውን እንደ እሺታ አትቁጠረው። አርብ ጠዋት ደውል፤ ካልተራዘመልህ ባለህ መረጃ እሺ ወይም እንቢ በል። የአንተም ዝምታ እሺታ ሆኖ አይቆጠርልህም።

እንግዲህ እንዲህ ብለህ ጻፍ፦

«የላካችሁልኝ የሥራ ጥሪ ደብዳቤ ደርሶኛል፤ ስለ መረጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ለሥራው ፍላጎት አለኝ። አሁን ባለሁበት መሥሪያ ቤት ያለብኝን ግዴታ አጣርቼ የጸና መልስ መስጠት እንድችል የመልስ መስጫው ጊዜ እስከ ሚቀጥለው ረቡዕ ቀን 6 ሰዓት እንዲራዘምልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። በተጨማሪም ጥሪውን ከተቀበልኩ አሁን ላለሁበት መሥሪያ ቤት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት ስላለብኝ ሥራ የምጀምርበት ቀን በዚያው መሠረት ሊስተካከል ይችል እንደሆነ እንድትገልጹልኝ እጠይቃለሁ።»

ይኸው ነው። «ሌላ ቦታም ጠርተውኛል» አትበል፤ እውነት ቢሆን እንኳ ጨረታ ያስመስላል። ስለ ባለቤትህም አታብራራ፤ ምክንያቱ አንድ መስመር ይበቃዋል። ሲበዛ እኛ መጠራጠር እንጀምራለን።

የ30 ቀኑን ነገር ያስገባሁት እንዲሁ አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሲለቅ ለአሠሪው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። አንተ በሚቀጥለው ሳምንት ወስነህ ደብዳቤ ብታስገባ ታኅሣሥ 1 እዚህ ልትገኝ አትችልም። ማስጠንቀቂያ ሳትሰጥ ብትወጣ እስከ 30 ቀን ደመወዝህ የሚደርስ ካሣ ሊጠይቁህ ይችላሉ፤ መልቀቂያህም መጓተቱ አይቀርም፤ ያለ መልቀቂያ ደግሞ እዚህ ፋይልህ አይሟላም። ይህን ዛሬ ያልጠየቀ ሰው በኋላ ሁለት መሥሪያ ቤት መካከል ይሰነጠቃል።

አሁን ስለ ቀኖቹ። ቀን ጠይቆ ቤት ቁጭ ማለት ዋጋ የለውም። ያለህ ዋናው ሥራ የብድር ውልህን አውጥተህ ማንበብ ነው። የባንክ ሠራተኛ ብድር ወለዱ ዝቅ ያለው ሠራተኛ ስለሆንክ ነው፤ ስትለቅ ቀሪው በአንድ ጊዜ ይከፈል፣ ወይም ወለዱ እንደ ማንኛውም ተበዳሪ ከፍ ይበል፣ ውልህ ላይ ተጽፏል። ሥራ አስኪያጁን አትጠይቅ፤ ውሉን ጠይቅ። ከዚያ አዲሱን የወር ክፍያ ከአዲሱ ደመወዝ ላይ ቀንሰህ እየው፤ ደመወዙንም ታክስና 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ተቀንሶ እጅህ በሚገባው ልክ ቁጠረው፤ ደብዳቤው ላይ ባለው ቁጥር አይደለም። በዚህ ላይ የደብረ ብርሃንን የቤት ኪራይ ጨምርበት። ከአሁኑ ኑሮህ የሚተርፍህ ካልሆነ ረቡዕን መጠበቅም ላያስፈልግህ ይችላል።

ባለቤትህ ደግሞ ዝውውሯ ይሳካ እንደሆነ ሰው ጠይቃ ትወቅ። ቁርጥ ያለ መልስ በረቡዕ ላይገኝ ይችላል። ካልተገኘ ሌላ ሳምንት አትለምን፤ ሁለተኛ ማራዘሚያ ሲጠየቅ እኛ ተጠባባቂውን እንጠራለን። ለብቻህ መጥተህ ጥቂት ወራት በጣርማ በር፣ በመዘዞና በሞላሌ መንገድ እየተመላለስክ መኖር ትችል እንደሆነ ሁለታችሁ አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት። የአዲሱ ሥራ የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ሊሆን ስለሚችል በዚያ መካከል ቤት ማፍረሱን እኔ አልመክርህም፤ የአንተ ውሳኔ ነው።

እኔ በበኩሌ ነገ ከሥራ ስወጣ ሁለት ክፍል ቤት ስንት እንደሚከራይ ጠይቄ እጽፍልሃለሁ። ለፋብሪካው የምትልከውን ከመላክህ በፊት አሳየኝ፤ ስም ላይ ፊደል ስትገድፍ ከትምህርት ቤት ጀምሮ አውቅሃለሁ። ለእመቤቲቱና ለልጆቹ ሰላምታዬን አቅርብልኝ።

ወዳጅህ