እርግዝናን ደብቀሻል ተብሎ መሰናበት

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

የእህቴ ልጅ በአንድ የግል ድርጅት ለሁለት ዓመት ውል ስትቀጠር፣ በቃለ መጠይቁ «በቅርቡ ለመውለድ አስበሻል?» ተብላ «አላሰብኩም» ብላ ነበር፤ በስምንተኛው ወር ማርገዟ ሲታወቅ ግን መልሷ እንደ ማታለል ተቆጥሮ ተሰናበተች። (ወንዶቹን አመልካቾች ስለ ልጅ የጠየቃቸው የለም።) የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እርግዝና ውል ለማቋረጥ ምክንያት እንደማይሆን ከመደንገጉም በላይ፣ ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር ያልተያያዘ ሕጋዊ ምክንያት ከሌለ በቀር፣ ነፍሰ ጡሯ ከወለደች በኋላ እስከ 4 ወር ድረስ እንዳትሰናበት ይከለክላል። እሷ «ከወለድኩ በኋላ እከሳለሁ» ብላ ነበር፤ ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄ ግን ውሉ ከተቋረጠ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ስለዚህ የስንብት ደብዳቤውንና የሐኪም ማስረጃዋን ይዛ ባለፈው ሳምንት ክስ መሥርታለች።

አንድ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ