የአንድ ዓረፍተ ነገር ሐሳብ የሁለት ደቂቃ አኒሜሽን እስኪሆን

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ጉዳዩ፦ ሥዕል ከመጀመሩ በፊት የታሪኩን መነሻ አብሮ ስለ መጨረስ

ለአጭር አኒሜሽን ትዕዛዝ ስትሰጡን ብዙ ጊዜ ይዛችሁ የምትመጡት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ለመጀመር ይበቃል። ነገር ግን ታሪኩን ትዕይንት በትዕይንት በንድፍ ወደምናስቀምጥበት ስቶሪቦርድ ከመግባታችን በፊት «የታሪክ መነሻ» የምንለውን የሦስት አራት መስመር ጽሑፍ ከእናንተ ጋር እንጨርሳለን። እንዴት እንደሚሠራ በአንድ ምሳሌ እናሳያችሁ።

ሐሳቡ «ተስፋ ስለማይቆርጥ ሊስትሮ ልጅ» ነው እንበል። ደስ የሚል ሐሳብ ነው፤ ግን ምን እንደምንሥል አይነግረንም። ተስፋ አለመቁረጥ ጠባይ ነው፤ ጠባይ ደግሞ የሚታየው ሰው አንድ ነገር ፈልጎ ሲከለከል ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የምንጠይቀው ልጁ ዛሬ፣ እዚያው በተቀመጠበት ቦታ፣ ምን እንደሚፈልግ ነው። «ሕይወቱን መለወጥ» በሁለት ደቂቃ ተጀምሮ አያልቅም። «የዕለቱን የመጀመሪያ ደንበኛ ማግኘት» ግን ያልቃል፤ ባዶ የሳንቲም ጣሳ ብናሳይ ተመልካቹ ያለ አንድ ቃል ይረዳዋል።

ቀጥሎ የሚመጣው የሚከለክለው ነገር ነው። «ድህነት» ብንል አይሣልም። በልጁና በታክሲ ተራው መካከል ሁለት እርምጃ የሚሰፋ የጎርፍ ውኃ ቢተኛስ? ሰዎች እስከ ዳር ይመጣሉ፣ ጫማቸውን አይተው ይመለሳሉ። አሁን ፍላጎቱም እንቅፋቱም በአንድ ሥዕል ውስጥ ናቸው።

ብዙ ሐሳብ የሚበላሸው መጨረሻው ላይ ነው። በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ፀሐይ ወጥታ ውኃው ይደርቃል፣ ወይም አንድ ደግ ሰው መጥቶ ገንዘብ ይሰጠዋል። ያኔ ልጁ ባይኖርም ታሪኩ ያው ነው። መፍትሔው ከራሱ እጅ መውጣት አለበት፤ የሚሳሳለትንም ነገር ሊያስከፍለው ይገባል። ሊስትሮ ያለው ሳጥኑ ነው፤ ደንበኛ እግሩን የሚያሳርፍበት፣ ልጁም በብሩሽ ጀርባ እየመታ ደንበኛ የሚጠራበት። ይህን ሳጥን ውኃው መሀል መረማመጃ አድርጎ ካስቀመጠው ያለውን ሁሉ አስይዟል ማለት ነው። መነሻውም እንዲህ ይሆናል፦

«ባዶ ጣሳ ይዞ የተቀመጠ ሊስትሮ የዕለቱን የመጀመሪያ ደንበኛ ይፈልጋል፤ የተኛው ጎርፍ ግን ሰዉን ከወዲያ ማዶ አስቀርቶታል። ውኃውን በቆርቆሮ ቀድቶ ሲያቅተው ብሩሽና ቀለሙን ከሳጥኑ አውጥቶ ሳጥኑን መረማመጃ ያደርገዋል። ሰዉ ጫማው ጭቃ ነክቶት ይሻገራል፤ ልጁም የመጀመሪያውን ደንበኛ እግር በገዛ ጉልበቱ ላይ አሳርፎ ይጠርጋል።»

በዚህ ላይ ጥያቄ እናበዛበታለን። ለምሳሌ፣ ለምን ድንጋይ አያስቀምጥም? ተመልካቹ ይህን ካሰበ የሳጥኑ ዋጋ ይረክሳል። ስለዚህ ቦታውን አስፋልት እናደርገዋለን፤ በመጀመሪያው ሥዕል ላይ አንድም ድንጋይ እንዳይታይ እንጠነቀቃለን።

ሰዓቱንም የምናከፋፍለው በዚሁ ደረጃ ነው። ልጁንና ጣሳውን ለማስተዋወቅ 15 ሰከንድ፣ የሰዉን መመለስ ለማሳየት 20፣ ለከሸፈው ሙከራ 30 ያህል ይበቃል። ሳጥኑን የሚያነሣበት ቅጽበት ወደ 70ኛው ሰከንድ ይመጣል፤ ያመነታበታልና አናጣድፈውም። የመጨረሻው ጉልበቱ ላይ ያረፈ እግር 10 ሰከንድ ሳይነካ ይቆይ። አንድ ተጨማሪ ገጸ ባሕርይ ወይም የትናንት ትዝታ ማስገባት የምትፈልጉ ከሆነ ከእነዚህ ከየትኛው እንደሚቀነስ አብረን እናያለን።

የሥራው ብዛትም ከመነሻው ይወሰናል። ሁለት ደቂቃ በሰከንድ 24 ፍሬም ሲሰላ 2,880 ፍሬም ነው፤ አንድ ሥዕል ሁለት ፍሬም ቢይዝ እንኳ 1,440 ሥዕል ይመጣል። የሚዘንብ ዝናብና የሚተራመስ ሕዝብ በእጅ ለመሣል በጣም አድካሚ ከሆኑት መካከል ናቸው። በምሳሌያችን ዝናቡ ፊልሙ ሳይጀምር አባርቷል፤ የቀረው የተኛ ውኃ ነው። መንገደኞቹም ከጉልበት በታች ብቻ ይታያሉ፤ ፊት ያለው ልጁ ብቻ ነው። ይህ ወጪ ይቀንሳል፤ ከዚያም በላይ ግን ተመልካቹ ዓለምን በሊስትሮ ዓይን፣ ከጫማ ከፍታ እንዲያይ ያደርገዋል። እንዲህ ዓይነቱ መፍትሔ የሚገኘው መነሻው ላይ እንጂ ሥዕሉ ካለቀ በኋላ አይደለም።

መነሻውን ስንልክላችሁ አንድ ነገር እንድታደርጉልን እንለምናለን። ስለ ሥራው ምንም ለማያውቅ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ አንብቡለት፣ ከዚያ ወረቀቱን አጥፋችሁ በራሱ አባባል እንዲነግራችሁ ጠይቁት። አንዳንድ ዝርዝር ቢዘነጋ ግድ የለም። ልጁ ሳጥኑን ለምን ውኃው ውስጥ እንዳስቀመጠ ከሳተው ግን ሳትፈርሙ መልሱልን፤ ያን መስመር እንደገና እንጽፈዋለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የስቱዲዮው የታሪክ ክፍል