ታይሌኖል ሰጥቶ ትምህርት ቤት መላክ

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

እዚህ አሜሪካ ትምህርት ቤቶች በሚልኩት የትኩሳት ማስታወቂያ ላይ ብዙ ወላጅ የሚዘላት ነገር አለች። ያተኮሰው ልጅ ክፍል የሚመለሰው ትኩሳቱ ከጠፋ 24 ሰዓት ሲሞላው ነው፤ ያውም ያለ ማስታገሻ።

ልጁ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ 38.6 ዲግሪ አተኮሰው እንበል። ታይሌኖል ይሰጠዋል። 2 ሰዓት ላይ ላብ ብሎት መጫወት ይጀምራል፤ “ተሻለው” ተብሎ ይላካል። መድኃኒቱ ግን የሚይዘው ከ4 እስከ 6 ሰዓት ብቻ ነው። ከምሳ በፊት ፊቱ ቀልቶ ጠረጴዛው ላይ ይደፋል፣ ነርሷም ትደውላለች። እስከዚያ ከጎኑ ለተቀመጡት አስተላልፎ ይሆናል።

አቆጣጠሩ እንዲህ ነው። የመጨረሻውን መድኃኒት ሰኞ ማታ ወሰደ። ማክሰኞ ጠዋት ቴርሞሜትሩ ከ38 ዲግሪ፣ በፋራናይት ከ100.4 በታች አሳየ። 24 ሰዓቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ያለ መድኃኒት ከዋለና ካደረ ረቡዕ ይሄዳል። ማክሰኞ ማታ ካገረሸበት ግን ቆጠራው እንደ አዲስ ነው። ግንባር በእጅ መዳሰስ እዚህ ላይ አያዋጣም።

በሰዓት ለሚከፈለው ወላጅ አንድ ቀን መቅረት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም እኩለ ቀን ላይ ሥራ ጥሎ መሮጥም ያው ነው።

አንዲት እናት፣ ከሜሪላንድ